አስም ይዞ መሮጥ፦ ብርዱን ማታለል፣ አቧራውን መሸሽ

ኃይሌ ገብረሥላሴ አስም አለበት። ምስጢር አይደለም፤ ግን ሲነገር የሚገረም ሰው አሁንም ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የቤጂንግ ኦሊምፒክ ሲቃረብ የማራቶኑ የዓለም ክብረ ወሰን በእጁ ነበር። እሱ ግን በቤጂንግ ማራቶን እንደማይሮጥ አስታወቀ። ምክንያቱ የከተማዋ የተበከለ አየርና የራሱ አስም ነበር። ኦሊምፒኩን ግን አልቀረም። 10 ሺህ ሜትር ሮጦ 6ኛ ወጣ። ከስድስት ሳምንት በኋላ በርሊን ላይ ማራቶኑን በ2፡03፡59 ጨርሶ የራሱን ክብረ ወሰን አሻሻለ።

አስም ያለበት ሰው ስፖርት መሥራት ይችላል ወይ ለሚለው ጥያቄ ይህ በቂ መልስ ነው። የሚከብደው ሌላው ጥያቄ ነው። የት አየር ላይ? በስንት ሰዓት? ምን አድርጎ? ደግሞ ጥያቄው የሚመጣው በየዓመቱ ነው፤ ኃይሌ ራሱ ከመሠረቱት አንዱ የሆነበት ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ብዙ ጊዜ የሚካሄደው ኅዳር ላይ ስለሆነ። ኅዳር የአዲስ አበባ ጠዋት ብርዱ የሚቆረጥምበት ወር ነው። ዝናቡ ቆሟል፣ መሬቱ ደርቋል፣ አቧራው ተነሥቷል። ለአስም የሚከፉት ሁለት ነገሮች፣ ብርድና አቧራ፣ አንድ ላይ ይመጣሉ።

ሁለቱን እንደ አንድ ጠላት ማየት የተለመደ ነው። "ብርድና አቧራ አይስማማኝም" እንላለን፣ ነጠላችንን ፊታችን ላይ እናጠላልፋለን፣ በቃ። ግን ሁለቱ የሚጎዱት በተለያየ መንገድ ነው፤ መላቸውም ለየቅል ነው። ብርዱን በዘዴ ማታለል ይቻላል። አቧራውንና ጭሱን ግን በዘዴ አታልፉትም። ከሱ መራቅ ብቻ ነው ያለው።

ብርዱ የሚያደርገው

ቁጭ ብለን ስንውል በደቂቃ ከ6 እስከ 8 ሊትር አየር እንስባለን። ለዚህ አፍንጫ ይበቃል። አፍንጫ አየሩን ያሞቀዋል፣ ያረጥበዋል፣ ትልልቁን አቧራ ያስቀረዋል። ሩጫ ሲጀመር ግን ሳንባ በደቂቃ 60 ሊትርና ከዚያም በላይ ይጠይቃል። አፍንጫ ይህን አይችለውም። አፍ ይከፈታል፣ አየሩም እንዳለ ይገባል።

አሁን ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። ሙቀቱ 5 ዲግሪ የሆነ የጠዋት አየር፣ በጤዛ የጠገበ እንኳ ቢሆን፣ በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ የሚይዘው ውሃ 7 ግራም ገደማ ነው። ያው አየር ሳንባ ውስጥ 37 ዲግሪ ሲደርስ 44 ግራም ውሃ ይፈልጋል። የጎደለውን 37 ግራም የሚሰጠው የአየር ቧንቧው ግድግዳ ነው። በደቂቃ 60 ሊትር እየሳባችሁ ግማሽ ሰዓት ብትሮጡ ወደ ውስጥ ያስገባችሁት 1.8 ሜትር ኩብ አየር ነው። ቧንቧው ለዚህ አየር የሚያዋጣው ውሃ ከአንድ ሲኒ ቡና አያንስም። ከፊሉ አየሩ ሲወጣ ተመልሶ ይቀራል፤ የቀረው በአፋችን እንፋሎት ሆኖ ይሄዳል።

ስለዚህ "ዛሬ ጭጋግ ስላለ አየሩ ደረቅ አይደለም" የሚለው አያዋጣም። ለሳንባ የቀዘቀዘ አየር ሁሉ ደረቅ ነው።

ቧንቧውን የሸፈነው ስስ ፈሳሽ ውሃውን ሲያጣ ጨዉ ይወፍራል። ይህ ደግሞ ግድግዳው ውስጥ ያሉትን የመከላከያ ሴሎች ያስቆጣቸዋል። ሂስታሚንና ሉኮትራይን የሚባሉ ንጥረ ነገሮችን ይለቃሉ። በቧንቧው ዙሪያ ያለው ጡንቻ ይጨመደዳል። ደረት ይጠብቃል፣ ሳል ይመጣል፣ ትንፋሽ ሲወጣ ሲር ሲር ይላል። ብርዱ ራሱ ያባብሰዋል፣ ዋናው ሥራ ግን የመድረቁ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሰዓቱ ላይ ነው። አስም የሚነሣው ሩጫው መሀል ላይ ይመስላል። በእርግጥ እየሮጡ የሚጀምራቸው አሉ። በአብዛኛው ግን ከባዱ ጊዜ የሚመጣው ከቆሙ በኋላ ነው፤ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ባለው ውስጥ። እየሮጥን ሳለን አድሬናሊኑና ጥልቁ ትንፋሽ ቧንቧውን ይከፍቱታል። ስንቆም ሁለቱም ይቀራሉ፤ የቀዘቀዘው ቧንቧም በድንገት መሞቅ ይጀምራል፣ ደም ሥሮቹ ያብጣሉ። ከዚያ በኋላ ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ እየለቀቀ ይሄዳል።

ይህን ማወቅ "አቅሜ ደካማ ነው" ከሚል ስሕተትም ያድናል። ልምምድ ያነሰው ሰው ያለከልካል፣ ግን ሲቆም በጥቂት ደቂቃ ይረጋጋል። አስሙ የተነሣበት ሰው ከቆመ በኋላ ይብስበታል። ሦስተኛም ዓይነት አለ። ሩጫው ሲከር ጉሮሮው ላይ ተናንቆት፣ አየር ሲያስገባ ድምፅ እያሰማ፣ እንደቆመ ወዲያው የሚለቀው ሰው ችግሩ ከድምፅ አውታሩ ሊሆን ይችላል። ለእሱ የአስም መድኃኒት ቢነፋ ለውጥ አያመጣም። ሲሮጡ የደረት ውጋት ወይም ራስን መሳት ካለ ደግሞ ነገሩ የልብ ሊሆን ስለሚችል ልምምዱ ይቁምና ሐኪም ይይ።

ማሟሟቂያው ማስለክለክ አለበት

የኛ ሰው ማሟሟቂያ ሲባል የሚያስበው ቆሞ መንጠራራትን ነው። እጅ ማወዛወዝ፣ ወገብ ማዞር፣ እግር መሳብ። ለጡንቻ ይጠቅም ይሆናል። ለአስም ግን ምንም አይሠራም፣ ትንፋሹን አልነካውማ።

ለአስም የሚሠራው ማሟሟቂያ ሌላ ነው። የአየር ቧንቧ አንዴ በሩጫ ከተቆጣ በኋላ ለጥቂት ጊዜ መልሶ ለመቆጣት ይዳግተዋል። ይህ የእፎይታ ጊዜ ከ1 እስከ 3 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ዘዴው ይህን እፎይታ ሆን ብሎ መፍጠር ነው። አጭር አጭር ፍጥነት እየሰጡ፣ መሀል ላይ እያረፉ ቧንቧውን በትንሹ መነካካት። ፍጥነቱ አጭር ስለሆነ አስሙ ሙሉ በሙሉ አይነሣም፤ እፎይታው ግን ይገኛል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ 5 ደቂቃ በእርምጃና በዱብ ዱብ። ከዚያ ለ30 ሰከንድ ፈጠን ያለ ሩጫ፣ ማውራት እስኪያቅታችሁ ድረስ፣ ግን ያለ የሌለ አቅማችሁን ሳትጨርሱ። ቀጥሎ ከ45 ሰከንድ እስከ አንድ ደቂቃ እርምጃ። ይህን ከ6 እስከ 8 ጊዜ ደጋግሙት። መጨረሻ ላይ 5 ደቂቃ ቀዝቀዝ ብሎ መራመድ። ሁሉም ተደምሮ 20 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ዋናው ሩጫ ከዚያ ይቀጥላል።

ገደቡንም ማወቅ ያስፈልጋል። እፎይታው የሚሠራው ለሁሉም አይደለም፤ የሚሠራላቸው ግማሽ ያህሎቹ ናቸው። ከየትኛው ወገን እንደሆናችሁ የሚታወቀው ተሞክሮ ብቻ ነው። ሙከራው ደግሞ የውድድር ቀን መሆን የለበትም። ሌላው ብዙ ሯጭ የማያስበው የሕመም ማስታገሻ ነገር ነው። ጉልበቴን እንዳያመኝ ብሎ ከሩጫ በፊት ኪኒን የሚውጥ ሰው አለ። ኢንዶሜታሲን የሚባለው ማስታገሻ ይህን እፎይታ እንደሚያጠፋው በጥናት ታይቷል። ከዚህም የከፋ፣ አስም ካለባቸው ሰዎች ጥቂቶቹ አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ ሲወስዱ ኃይለኛ አስም ይነሣባቸዋል። ጓደኛ የሰጣችሁን ማስታገሻ በሩጫ ጠዋት አትዋጡ።

ሩጫው ሲያልቅም ድንገት አትቁሙ። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ እየቀነሱ መራመድ፣ አፍን ሸፍኖ፣ ቧንቧው ቀስ እያለ እንዲሞቅ። ጨርሶ መሬት ላይ ዝርግት ማለት ለፎቶ ያምራል፣ ለአስም ግን አይሆንም።

አፍ መሸፈን ካልን ነጠላ እዚህ ላይ ሙያ አላት። በብርድ ጠዋት ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ እናቶች አፍና አፍንጫቸውን በነጠላ ጠፍር አድርገው የሚሸፍኑት ወደው አይደለም። ጨርቁ የምናስወጣውን ሙቀትና እርጥበት ይይዝና የሚቀጥለውን አየር ያለሰልሰዋል። ስካርፍም፣ አንገት ላይ የሚጠለቀው የሯጮች ጨርቅም ያው ነው። በእርምጃና በሶምሶማ ላይ ጥሩ ይሠራል። ፍጥነት ሲጨመር ጨርቁ ይረጥብና ትንፋሽ ይከለክላል፤ ያኔ ዝቅ አድርጎ፣ ሲቆሙ መልሶ ማውጣት ነው።

በሚኒሶታ፣ በዴንቨር ወይም በስቶክሆልም ለሚኖሩ ወገኖች ነገሩ ይብሳል፤ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ ያለ አየር የሚይዘው ውሃ ከ3 ግራም ያነሰ ነው። በእንዲህ ያለ ቀን ቤት ውስጥ ትሬድሚል ላይ መሮጥ ወይም ሞቃትና እርጥብ አየር ያለው የመዋኛ ገንዳ ይሻላል። ገንዳው ግን የታፈነ ሆኖ የክሎሪን ሽታው አፍንጫ የሚመታ ከሆነ እሱም ራሱ አስም ይቀሰቅሳል።

አንዲት ሴት እንከተል

አንዲት የ34 ዓመት ሴት እናስብ። ገርጂ ትኖራለች፣ ቢሮ ውስጥ ትሠራለች፣ አስሙ ከልጅነቷ ጀምሮ አለባት። ሳልቡታሞል ፓፍ ቦርሳዋ ውስጥ አለ፤ ሲብሳት ትነፋለች፣ ሌላ መድኃኒት የላትም። የመሥሪያ ቤት ጓደኞቿ የታላቁ ሩጫ ቲሸርት ገዝተውላታል። ወሩ መስከረም ነው። የምጠቅሳቸው ቁጥሮች ነገሩን ለማሳየት የተቀመጡ ናቸው።

ሐኪሟን ካማከረች በኋላ ፒክ ፍሎው ሜትር ገዛች። አየሩን በኃይል እፍ ሲሉበት የትንፋሽን ፍጥነት የሚለካ ትንሽ ቱቦ ነው። ከሩጫ በፊት ሦስት ጊዜ ነፋች፣ ትልቁን ቁጥር ያዘች፤ 420። ከዚያ ፓፏን ኪሷ ይዛ፣ እህቷ አጠገቧ ሆና፣ 7 ደቂቃ ፈጠን ብላ ሮጠች። እንደቆመች 410 ነፋች። "ምንም አልሆንኩም" አለች። በ5ኛው ደቂቃ 370 ሆነ። በ10ኛው 340። ያኔ ደረቷ ጠብቋል፣ ያስላታል። ከ420 ወደ 340 ማለት 19 በመቶ መውረድ ነው። በዚህ መለኪያ 15 በመቶና ከዚያ በላይ ሲወርድ ሩጫው አስሙን እየቀሰቀሰ ነው ይባላል። እንደቆመች ለክታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምንም አይታይም ነበር።

ሐኪሟ መጀመሪያ ያነሣው ሩጫውን አይደለም። ሳልቡታሞል ብቻ ይዛ መኖሯን ነው። ሳልቡታሞል የተጨመደደውን ጡንቻ ይፈታል፣ የቧንቧውን እብጠት ግን አይነካም። ዓለም አቀፉ የአስም መመሪያ እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ አዋቂዎች በሳልቡታሞል ብቻ እንዲታከሙ አይመክርም። እብጠቱን የሚቀንስ የሚሳብ ስቴሮይድ አብሮ መኖር አለበት። ቤክሎሜታዞን ወይም ቡዴሶናይድ ይሆናል፣ ወይም ቡዴሶናይድ ቧንቧውን ከሚከፍተው ፎርሞቴሮል ጋር በአንድ ፓፍ። ይህ ድብልቁ ከስፖርት በፊትም ሊነፋ ይችላል።

ስቴሮይድ ሲባል እሷም ደነገጠች። "ወደ ፓፍ ከገባሽ አትወጪም" የሚለውን ከሰፈር ሰምታለች። የሚሳበው መጠን በማይክሮ ግራም የሚቆጠር ነው፤ አስም ሲብስ በኪኒን የሚሰጠው ፕሬድኒሶሎን ግን በሚሊ ግራም። ሱስም አያስይዝም። ከነፉ በኋላ አፍን በውሃ ተጉመጥምጦ መትፋት በቂ ጥንቃቄ ነው፣ አፍ ውስጥ ፈንገስ እንዳይወጣ። ይህ መድኃኒት ዛሬ ተወስዶ ዛሬ አይሠራም። ለውጡ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው። ለኅዳር ሩጫ መስከረም ላይ መጀመር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ከአንድ ወር በኋላ ያንኑ ሙከራ ደገመች። መነሻዋ 440 ሆኗል። በ10ኛው ደቂቃ 390፤ የወረደው 11 በመቶ ነው። በሌላ ቀን ከላይ ያየነውን የ30 ሰከንድ ማሟሟቂያ ሠርታ ሞከረችው። 440 የነበረው 415 ላይ ቆመ። 6 በመቶ አይሞላም። ማሟሟቂያው ለሷ ይሠራል ማለት ነው።

ለሩጫው ቀን ሐኪሟ የፈቀደላት ከመነሻው 15 ደቂቃ አስቀድሞ ሁለት ፓፍ ሳልቡታሞል ነው። ከ2 እስከ 4 ሰዓት ይጠብቃታል። በየቀኑ ከልምምድ በፊት ግን አትነፋውም። ሳልቡታሞል በየቀኑ ሲለመድ መከላከያው እየሳሳ ይሄዳል። ያለ ፓፍ መሮጥ የማይችል ሰው የሚያስፈልገው ተጨማሪ ፓፍ ሳይሆን ዋናውን ሕክምና እንደገና ማየት ነው።

የታላቁ ሩጫ ልዩ ችግር ሕዝቡ ነው። መነሻው ላይ ረጅም ሰዓት ተጠጋግቶ መቆም አለ። በሺዎች መሀል 30 ሰከንድ መፈትለክ አይቻልም። ስለዚህ ፈጣኑን ማሟሟቂያ ሰልፉ ውስጥ ከመግባቷ በፊት፣ ጭር ያለ መንገድ ላይ ትጨርሳለች። እፎይታው ከአንድ ሰዓት በላይ ሊቆይ ስለሚችል መቆሙ ያን ያህል አይጎዳትም። ሰውነቷ እንዳይቀዘቅዝ ሹራብ ደርባ እየዘለለች ትጠብቃለች። በነገራችን ላይ መነሻው ላይ ያለው ጭፈራ ቀላል ማሟሟቂያ አይደለም፤ እስክስታ የሚያውቅ ሰው በነፃ ያገኘዋል። የመጀመሪያውን ኪሎ ሜትር ቀስ ብላ ትሄዳለች። ሰዉ ራሱ ከዚያ በላይ አያስኬዳትም።

አቧራው ላይ ዘዴ የለም

እስካሁን ያልነው ሁሉ ስለ ደረቅና ቀዝቃዛ አየር ነው። አቧራ ሲመጣ ጨዋታው ይቀየራል። የግንባታ ብናኝ፣ የናፍጣ ጭስ፣ የማገዶ ጭስ ቧንቧውን በቀጥታ ነው የሚያስቆጡት። ማሟሟቂያ እፎይታ አይሰጥም። እንዲያውም ፈጠን ባላችሁ ቁጥር ብዙ ሊትር፣ ያውም በአፍ፣ ትስባላችሁ። ደቃቁ ብናኝ አፍንጫ ላይም አይቀርም፤ ጥልቅ ድረስ ይገባል።

ነጠላም እዚህ ሙያዋ አይሠራም። ትልልቁን አቧራ ትይዛለች፣ ደቃቁን ታሳልፋለች። N95 ማስክ በትክክል ከተገጠመ ያስቀራል፣ ለእርምጃም ይሆናል። ይዞት መሮጥ ግን ከባድ ነው።

አቧራ ሌላ ተንኮል አለው። አለርጂ ላለበት ሰው ውጤቱ ሁለት ጊዜ ሊመጣ ይችላል። አንዱ ወዲያው ነው። ሁለተኛው ከ4 እስከ 8 ሰዓት ቆይቶ። ሰውዬው ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ አቧራማ ሜዳ ላይ ኳስ ተጫውቶ ደኅና ቤቱ ይገባል። ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ ሳሉ ያስነሣዋል። "ብርድ መታኝ" ይላል፣ መስኮቱን ይዘጋል። ሜዳውን ማንም አይጠረጥረውም። እንዲህ ዓይነት ሌሊት ከተደጋገመ የት ተሠርቶ እንደነበር መጻፍ ያዋጣል። ሁለት ሳምንት በማስታወሻ ቢያዝ ንድፉ ይታያል።

የሚቀረው መሸሽ ነው፤ ሽሽቱ ግን ርቆ መሄድ ላይጠይቅ ይችላል። የመኪና ጭስ ከዋናው መንገድ ሲርቁ ቶሎ ይቀንሳል። ከአስፓልቱ ዳር ወደ ውስጥ 200 ሜትር ያህል መግባት ብቻ ትልቅ ልዩነት አለው። ሰዓቱም እንደዚያው። የበጋ ሌሊት ሰማዩ ጥርት ሲል መሬቱ ይቀዘቅዛል፤ ከላይ ሞቅ ያለ አየር እንደ ክዳን ይቀመጣል። የጠዋት ማገዶና የመኪና ጭስ ከሥሩ ይታፈናል። ፀሐይ መሬቱን እስክታሞቀው አይለቅም። "ጠዋት አየሩ ንጹሕ ነው" ብሎ 1 ሰዓት ላይ በታክሲና በአውቶቡስ መሀል የሚሮጥ ሰው ብርዱንም ጭሱንም አንድ ላይ ይስባል። ረፋድ 4 ሰዓት ላይ፣ ከዋና መንገድ ገባ ብሎ መሮጥ ከሁለቱም ይገላግላል። ለሠራተኛ ሰው ይህ የሚቻለው ቅዳሜና እሑድ ብቻ መሆኑ ይገባኛል። በሌሎቹ ቀናት ቤት ውስጥ ገመድ መዝለል፣ ወይም የሕንፃ ደረጃ መውጣት ምንም አይጎድለውም።

እንጦጦስ? አዲስ አበቤ ንጹሕ አየር ሲል እንጦጦን ነው የሚያስበው። እውነት ነው፣ ከአቧራውና ከጭሱ በላይ ነው። ግን ከመስቀል አደባባይ ከ500 እስከ 800 ሜትር ከፍ ይላል። ከፍታ 1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ተኩል ገደማ ይወርዳል። ታች 8 ዲግሪ ሲሆን እላይ 4 ሊሆን ይችላል። አቧራውን ትታችሁ ብርዱን ወሰዳችሁ ማለት ነው። እኔ ብሆን ልውውጡን እቀበላለሁ፤ ለብርዱ መላ አለኝና። ፀሐይ ከወጣች በኋላ እወጣለሁ፣ ማሟሟቂያዬን እሠራለሁ፣ ቁልቁለቱ ላይ አፌን እሸፍናለሁ።

አንድ ቀን ግን የትም መሮጥ የለባችሁም። ኅዳር 12። "ኅዳር ሲታጠን" በየደጁ ቆሻሻ ይቃጠላል። ልማዱ ከ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ጋር ተያይዞ የመጣ ነው፤ ያ የዓለም ወረርሽኝ ከተማዋን ሲጨርሳት ጭሱ በሽታውን ያባርራል ተብሎ ነበር። ዛሬ የሚቃጠለው ደግሞ ቅጠል ብቻ አይደለም፣ ፌስታልና ፕላስቲክም አለበት። አስም ያለበት ሰው በዚያን ቀን መስኮት ዘግቶ ቤቱ ይዋል። በማግሥቱ ጠዋትም ጭሱ ሰፈሩ ላይ ተኝቶ ከሆነ ልምምዱ ይቅር። ቀኑ ከታላቁ ሩጫ ጋር ብዙ ጊዜ ይቀራረባል፤ የመጨረሻውን ከባድ ልምምድ ቀደም አድርጎ መጨረስ ነው።

ከተነሣባችሁ

በሩጫ መሀል ደረታችሁ ከጠበቀ "ትንሽ ልታገሠው" አይሠራም። ቁሙ። ቀጥ ብላችሁ ተቀመጡ፣ አትጋደሙ። ፓፉን ነቅንቃችሁ አንድ ጊዜ ንፉ፣ ቀስ ብላችሁ ሳቡ፣ ያዙ። እንዲህ አራት ጊዜ፣ አንድ በአንድ። አራት ደቂቃ ጠብቁ። ካልተሻለ አራቱን ድገሙ። አሁንም ካልሆነ ፓፉን እየነፋችሁ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። አንድ ዓረፍተ ነገር ሳያቋርጥ መጨረስ ያቃተው፣ ከንፈሩ የጠቆረ፣ ሲተነፍስ የጎድን አጥንቱ መሀል የሚሰረጎድ ሰው ግን አራት ደቂቃም አይጠበቅለትም። መድኃኒቱን እየሰጣችሁ መኪና ፈልጉ።

ፓፍ በቀጥታ አፍ ውስጥ ሲነፋ ብዙው ጉሮሮ ላይ ይቀራል። በመሀል ማጠራቀሚያ ቱቦ ካለ ወደ ሳንባ የሚደርሰው ይጨምራል። ከፋርማሲ ካጣችሁ የግማሽ ሊትር ባዶ ሃይላንድ ይተካዋል። ታቹ ላይ የፓፉ አፍ ልክክ ብሎ የሚገባበት ቀዳዳ አውጡ፣ ጠርዙን በፕላስተር አለስልሱ። በሳሙና ውሃ እጠቡትና ሳትወለውሉ ይድረቅ። አንድ ፓፍ ወደ ውስጡ ንፉ፣ በጠርሙሱ አፍ ከ4 እስከ 6 ጊዜ ተንፍሱ። ኬፕታውን ውስጥ በልጆች ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት ይህ ጠርሙስ ከሚሸጠው ቱቦ እንደማያንስ አሳይቷል።

ለክለብ የምትሮጡ ካላችሁ ሌላ ጉዳይ አለ። የፀረ ዶፒንግ ሕጉ የሚሳብ ሳልቡታሞልን ይፈቅዳል፤ በ24 ሰዓት ከ1,600 ማይክሮ ግራም፣ በማንኛውም 8 ሰዓት ውስጥ ከ600 ሳያልፍ። አንድ ፓፍ አብዛኛውን ጊዜ 100 ማይክሮ ግራም ስለሆነ በ8 ሰዓት 6 ፓፍ ማለት ነው። እኛ ጋ በርካሽ የሚገኘው የሳልቡታሞል ኪኒንና ሽሮፕ ግን ክልክል ነው። በአፍ የሚዋጠው ፕሬድኒሶሎንም በውድድር ወቅት ክልክል ነው፣ የሕክምና ፈቃድ ካልተያዘለት በቀር። አስም ተነሥቶባችሁ ጤና ጣቢያ ስትሄዱ አትሌት መሆናችሁን ተናገሩ፣ የተሰጣችሁን መድኃኒት ስምና ቀን ጽፋችሁ ያዙ፤ ሕይወት የሚያድን ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ይወሰድና ወረቀቱ በኋላ ይሟላል።